ሁለት ስቶፕ ያለው ምክር፦ «ዩሮ/ዶላር ግዙ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ዩሮ/ዶላር ግዙ። በ4 ሰዓት ቻርት ላይ ጥርት ያለ ደብል ቦተም ተሠርቷል። ሁለቱ የታች ነጥቦች 1.0780 እና 1.0784 ናቸው። ኔክላይኑ 1.0850 ተሰብሯል። መግቢያ 1.0862፣ ስቶፕ 1.0840፣ ታርጌት 1.0920። ሪስክ ሪዋርዱ 1 ለ 2.6 ነው። አርኤስአይ፣ ማክዲ እና ስቶካስቲክ ሦስቱም አረጋግጠውታል። ዋጋው ስቶፑን ቢነካ አትደንግጡ፤ 1.0780 እስካልተሰበረ ድረስ ሐሳቡ በሕይወት አለ። ካለፉት 10 ሲግናሎቼ 8ቱ ታርጌት መትተዋል፤ የዚህም ዕድል 80 በመቶ ነው።»

ጽሑፉ ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ ቻርት በሚያዩ ልጆች ስልክ ላይ ሲዞር ነበር። አብዛኞቹ ገና ጀማሪዎች ናቸው። አካውንታቸው ውስጥ ያለው 200 ወይም 500 ዶላር ነው፤ ያ ገንዘብ ደግሞ ለአንዳንዶቹ የብዙ ወር ቁጠባ ነው። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፤ ጠብም የለንም። ምክሩ ግን ሰው ገንዘቡን እንዲያስገባበት የተጻፈ ስለሆነ መልስ ይገባዋል።

መጀመሪያ ልክ የሆነውን ልናገር። የታርጌቱ ስሌት ትክክል ነው። በደብል ቦተም፣ ማለትም ዋጋው ሁለት ጊዜ ተቀራራቢ ቦታ ድረስ ወርዶ በተነሣበት ቅርጽ ላይ፣ ከታችኛው ነጥብ እስከ ኔክላይኑ፣ ማለትም በሁለቱ መካከል እስካለው ከፍታ ያለው ርቀት ተለክቶ ከኔክላይኑ በላይ ይደመራል። ፒፕ የምንለው ከነጥቡ በኋላ ያለውን አራተኛ አሃዝ ነው። እዚህ ርቀቱ 70 ፒፕ ነው፤ 1.0850 ላይ ሲደመር 1.0920 ይመጣል። ሌላው፣ ጸሐፊው ካንድሉ ከኔክላይኑ በላይ እስኪዘጋ ጠብቀዋል። ጭራው ብቻ ወጣ ሲል «ተሰበረ» ብለው አልጮኹም። መግቢያ፣ በኪሳራ መውጫው ስቶፕ እና በትርፍ መውጫው ታርጌት በቁጥር መጻፋቸውም ጥሩ ነው። ቁጥር የሌለው ምክር ሊመረመርም አይችልም።

ፓተርኑም ባዶ ተረት ነው አልልም። የፋይናንስ ፕሮፌሰሩ አንድሪው ሎ እና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከ1962 እስከ 1996 ያለውን የአሜሪካ አክሲዮኖች ዋጋ በኮምፒውተር ፈትሸው ነበር። ደብል ቦተምን ጨምሮ የታወቁ ፓተርኖችን መርምረው አንዳንዶቹ የተወሰነ መረጃ እንደሚሰጡ አግኝተዋል። ነገር ግን መረጃ መስጠት እና ወጪን ሸፍኖ ማትረፍ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እነሱም አልደበቁም። ጥናቱም የተሠራው በአክሲዮን ላይ ነው፤ በ4 ሰዓት የዩሮ/ዶላር ቻርት ላይ አይደለም። ስለዚህ «ደብል ቦተም አለ» ማለት ውይይት ያስጀምራል እንጂ ውሳኔ አይሆንም።

ወደ ሥዕሉ ልምጣ። ከጽሑፉ ጋር የተለጠፈው ቻርት የሚጀምረው ውድቀቱ ከጀመረበት ቦታ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ተቆርጧል። ፒያሳ አካባቢ ሞባይል የሚጠግን አንድ ልጅ ይህንኑ ምክር ይዞ መጣና ስልኩ ላይ አሳየኝ። «እስቲ ወደ ዴይሊ ቀይረው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሳበው» አልኩት። ሳበው። ዋጋው ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወጥቶ 1.0895 አካባቢ ተመትቶ ተመልሷል። ልጁ ጣቱን እዚያ ላይ አሳርፎ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከታርጌቱ በታች ነው» አለኝ። ልክ ነው። ከመግቢያው እስከ ታርጌቱ ባለው መንገድ ላይ፣ 33 ፒፕ ከፍ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ የመለሰ ሬዚስታንስ ተቀምጧል። ጽሑፉ ስለ እሱ አንድ ቃል አይልም።

ሬዚስታንስ ስላለ ዋጋው አያልፍም ማለቴ አይደለም። ሊያልፍ ይችላል። ግን ግዙ የሚል ሰው ከሐሳቡ ጋር የሚጋጨውንም ማስረጃ ማሳየት አለበት። ማንኛውንም የቻርት ምክር ስታዩ መጀመሪያ አንድ እርከን ከፍ ወዳለው ጊዜ ሂዱ፤ የ4 ሰዓት ከሆነ ወደ ዴይሊ፣ ዴይሊ ከሆነ ወደ ሳምንታዊ። ሥዕሉ የተቆረጠበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይናገራል።

ቀጥሎ «ሦስቱም አረጋግጠዋል» የተባለው አለ። አርኤስአይ ከመዝጊያ ዋጋ ይሰላል። ማክዲም ከዚያው ከመዝጊያ ዋጋ ይሰላል። ስቶካስቲክ የካንድሉን ጫፎች ይጨምራል እንጂ የሚያየው ያንኑ ዋጋ ነው። ሦስቱም የሚለኩት አንድ ነገር ነው፦ ዋጋው በቅርብ ጊዜ ምን ያህል በፍጥነት ሄደ የሚለውን። ከ1.0784 ተነሥቶ 1.0862 የደረሰ ዋጋ ሦስቱንም ወደ ላይ ማዞሩ የማይቀር ነው። ከአንድ ሰው አፍ የሰሙ ሦስት ሰዎች ሦስት ምስክር አይሆኑም።

ሌላ ምስክር ከተፈለገ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። በአክሲዮን ገበያ ብሬክአውት፣ ማለትም የመሥመር መሰበር ሲታይ ቮልዩም ይጠየቃል። በስፖት ፎሬክስ ግን አንድ ማዕከላዊ ገበያ ስለሌለ ስልካችን ላይ የምናየው ቮልዩም የአንድ ብሮከር የዋጋ ለውጥ ቆጠራ ነው፤ የተገበያየ ገንዘብ መጠን አይደለም። ስለዚህ እሱ ላይ ብዙ መደገፍ አይቻልም። የሚቀረው የዴይሊ ቻርቱ አቀማመጥ እና የዜና ሰሌዳው ነው። የአሜሪካ የሥራ ቁጥር እና የዋጋ ንረት መረጃ የሚወጣው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9:30 ነው፤ እነሱ በብርዱ ወራታቸው ሰዓታቸውን ሲለውጡ 10:30 ይሆናል። በዚያች ደቂቃ ዩሮ/ዶላር 22 ፒፕን በአንድ ትንፋሽ ሊሻገር ይችላል። ምክሩ በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ውስጥ እንዲህ ያለ ዜና ይኑር አይኑር አይነግረንም። 22 ፒፕ ስቶፕ ላለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ያ ልጅ ሥዕሉን ካየ በኋላ ጽሑፉን እንደገና አነበበና «ስቶፑ ግን የቱ ነው? ሁለት ቁጥር አለ» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ምላሽ ያስጻፈኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

አንድ የግዢ ሐሳብ «ተሳስቻለሁ» የሚልበት ዋጋ ያስፈልገዋል። ይህ ዋጋ የሚወሰነው ሐሳቡ ከቆመበት ምክንያት ነው፤ ለመክሰር ፈቃደኛ ከሆንነው ገንዘብ አይደለም። እዚህ ምክንያቱ «ገዢዎች 1.0780 አካባቢ ሁለት ጊዜ ገብተው አስነሥተውታል» የሚል ነው። ያ ምክንያት የሚፈርሰው ዋጋው ከ1.0780 በታች ሲዘጋ ነው። ለስፕሬድ፣ ማለትም በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ላለው ልዩነት፣ እና ለጭራ ትንሽ ቦታ ሰጥተን 1.0770 እንበለው። ከመግቢያው እስከዚያ 92 ፒፕ ነው።

1.0840ስ? ከኔክላይኑ በታች 10 ፒፕ ብቻ ነው። ከብሬክአውት በኋላ ዋጋው ተመልሶ ኔክላይኑን መንካቱ፣ ሪቴስት የምንለው፣ የተለመደ ነገር ነው። ሲመለስ ደግሞ መሥመሩ ላይ በሚሊሜትር አይቆምም። አንድ የ4 ሰዓት የዩሮ/ዶላር ካንድል ብዙ ጊዜ 20 ፒፕ ገደማ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይም ይሄዳል። ስለዚህ 1.0840 ዋጋው ያለምንም የተለየ ምክንያት ሊደርስበት የሚችል ቦታ ነው። እዚያ መድረሱ ስለ ደብል ቦተሙ ምንም አይነግረንም። ጸሐፊውም ይህን ያውቃሉ። «ቢነካ አትደንግጡ» ያሉት ለዚህ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። 1 ለ 2.6 የሚለው ስሌት የተሠራው በ1.0840 ነው፤ 58 ፒፕ ለማትረፍ 22 ፒፕ። «ሐሳቡ በሕይወት አለ» የሚለው ግን በ1.0780 ነው። በዚህኛው፣ ከላይ እንዳልነው ትንሽ ቦታ ሰጥተን በ1.0770 ከተሰላ 58 ፒፕ ለማትረፍ 92 ፒፕ ነው የሚያዘው፤ ማለትም 1 ለ 0.63። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው እውነተኛው ስቶፕ። አንባቢው ማራኪውን ሬሾ ከቅርቡ ወስዶ፣ ትዕግሥቱን ከሩቁ ወስዶ ይገባል።

በገንዘብ ልየው። 500 ዶላር ያለው ልጅ በ0.05 ሎት ገባ እንበል። በዚህ ሎት አንድ ፒፕ 50 ሳንቲም ነው። 22 ፒፕ 11 ዶላር ነው፤ ከአካውንቱ 2 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። ይህን አይቶ «እችለዋለሁ» ብሎ ገባ። ዋጋው ወርዶ ወደ 1.0840 ተጠጋ። «አትደንግጡ» ተብሏልና ስቶፑን አንሥቶ ወደ 1.0770 አወረደው። ከዚያም ዋጋው እዚያ ደረሰ። የሄደው ገንዘብ 46 ዶላር ነው፤ ከ9 በመቶ በላይ። የገባው በ11 ዶላር ሒሳብ ነው፣ የወጣው ግን ከአራት እጥፍ በላይ ከስሮ ነው። ሩቁን ስቶፕ ከመጀመሪያው መርጦ ቢሆን ኖሮ ሎቱን ወደ 0.01 ያወርድ ነበር፤ ያኔ ያው 92 ፒፕ 9 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሆናል። ሩቅ ስቶፕ በራሱ ነውር የለውም። ነውሩ በቅርቡ ስቶፕ ሎት ተመርጦ በሩቁ ሲከሰር ነው።

እዚህ ላይ የ80 በመቶው ነገር ይመጣል። ይህም ከስቶፑ ጋር የተያያዘ ነው።

ዋጋው ምንም አቅጣጫ የሌለው፣ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ዕድል ያለው ነው ብለን እናስብ። ቻርቱ ምንም አይነግረንም ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ 58 ፒፕ ላይ ያለው ታርጌት፣ 92 ፒፕ ታች ካለው ስቶፕ ቀድሞ የመነካት ዕድሉ 92ን ለ150 በማካፈል ይገኛል፤ 61 በመቶ ነው። ያለምንም ችሎታ ማለቴ ነው። ታርጌቱ ከስቶፑ ስለሚቀርብ ብቻ። ስቶፑ 22 ፒፕ ላይ ቢሆን ደግሞ ያው ስሌት 22ን ለ80 አካፍሎ 27 በመቶ ተኩል ይሰጣል። ስፕሬዱ ሁለቱንም ትንሽ ዝቅ ያደርጋቸዋል።

ስለዚህ «8ቱ ታርጌት መቱ» ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «በየትኛው ስቶፕ?» የሚለው ነው። በቅርቡ ስቶፕ ከሆነ፣ በዕድል ብቻ ሦስት ገደማ በሚጠበቅበት ቦታ ስምንት ማግኘት በጣም የሚያስደንቅ ውጤት ነው፤ እኔም ቀድሜ አደንቃለሁ። በሩቁ ከሆነ ግን በዕድል ብቻ ስድስት ይጠበቃል። ከስድስት ይልቅ ስምንት መምጣቱ ብርቅ አይደለም። አሥር አሥር ሲግናል በጭፍን የሚያወጡ አምስት ሰዎች ቢኖሩ ከመካከላቸው አንዱ ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ያገኛል ተብሎ ይጠበቃል። እኛ የምናነበው ደግሞ ብዙ ጊዜ የእሱን ጽሑፍ ነው፤ የሌሎቹ አራቱ አይዞርም።

ይህ ልዩነት አካውንት ላይ ምን ያመጣል? በዚያው 0.05 ሎት በሩቁ ስቶፕ እንቁጠር። እያንዳንዱ ማሸነፍ 29 ዶላር ያስገባል፣ እያንዳንዱ መሸነፍ 46 ዶላር ይወስዳል። ከ10 ስምንቱ ካሸነፉ 140 ዶላር ይተርፋል። ስድስት ከሆነ 10 ዶላር ይከሰራል፣ ስፕሬዱ ሳይቆጠር። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው 80 በመቶው እውነት በመሆኑ ላይ ነው፤ አሥር ሲግናል ደግሞ 80ን ከ60 ለመለየት አይበቃም።

አሥሩ አንድ ዓይነት መሆናቸውም አልተነገረም። ስንቶቹ ደብል ቦተም ነበሩ? ስንቶቹ ወርቅ፣ ስንቶቹ ዩሮ ነበሩ? ስቶፑን ነክተው ከተመለሱ በኋላ ታርጌት የመቱት «መቱ» ተብለው ተቆጥረዋል? በዚህ ጽሑፍ አነጋገር ከሄድን ሳይቆጠሩ አይቀሩም። እንደዚያ ከሆነ 1.0840 ላይ ስቶፑን አክብሮ የወጣ አንባቢ ከስሮ ሳለ፣ በጸሐፊው መዝገብ ላይ አሸናፊ ሆኖ ተመዝግቧል።

ስለ ስቶፕ አንድ ነገር ልጨምር። ስቶፕ ትእዛዝ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ የያዘውን ወለል በድንገት አነሣ። ከ1.20 በታች ስቶፕ አስቀምጠው የነበሩ ብዙ ሰዎች የተሸጠላቸው ከጻፉት ዋጋ እጅግ ርቆ ነበር። ዩሮ/ዶላር እንዲህ ያለ ወለል ስለሌለው ያን ያህል የከፋ ነገር በየዕለቱ አይጠበቅም። ቢሆንም ቅዳሜና እሑድ ተዘግቶ ሰኞ ሲከፈት ክፍተት ሊኖር ይችላል። አንድ ምክር «ከፍተኛው ኪሳራ ይህን ያህል ነው» ሲል «ስቶፑ በቦታው ከተፈጸመ» የሚል ሐረግ ቢጨምር ትክክለኛ ይሆናል።

ያንኑ ቻርት ይዤ እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦

«በ4 ሰዓት ቻርት ደብል ቦተም አለ፤ ኔክላይኑ 1.0850 ላይ በካንድል መዝጊያ ተሰብሯል። ዴይሊ ላይ ግን 1.0895 ሁለት ጊዜ መልሷል። አሁን 1.0862 ላይ አልገባም። ወደ 1.0852 ከተመለሰና ካንድሉ ከዚያ በታች ካልዘጋ እገዛለሁ። ከብሬክአውቱ በፊት የነበረው የመጨረሻው ዝቅታ 1.0822 ነው። ስቶፕ 1.0817፣ አይነቃነቅም። መጀመሪያ የማየው 1.0890ን ነው። 35 ፒፕ ይዤ 38 ፒፕ ነው የምፈልገው። ለማትረፍ ከሁለት አንዱን ያህል ማሸነፍ አለብኝ፤ ከስፕሬዱ ጋር ትንሽ በላይ። ቻርቱ ከዚያ የተሻለ ዕድል እንዳለው የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለኝም። ሳይመለስ ወደ ላይ ከሄደ አልከተለውም። ዋጋው 1.0817ን ከነካ ሐሳቤ ስህተት ነበር።»

ይህ ለማንበብ አያጓጓም፤ አውቃለሁ። ብዙ ሰው ይህን አንብቦ «ታዲያ ለምን እገባለሁ?» ሊል ይችላል። እኔም ያንኑ ጥያቄ እንዲጠይቅ ነው የምፈልገው። ቁጥሮቹ በትክክል ሲቀመጡ ይህ ቻርት መካከለኛ ዕድል ነው፤ 1 ለ 2.6ም 80 በመቶም አይደለም። አንዱ ሊገባበት ይችላል፣ ሌላው ሊተወው ይችላል፤ ሁለቱም ቢሆኑ የሚያደርጉትን አውቀው ያደርጉታል። ስቶፑ 1.0780 ሳይሆን 1.0817 ለምን ሆነ የሚል ካለ፣ እኔ የምገዛው ብሬክአውቱን ስለሆነ ነው። ብሬክአውቱ የተነሣበት ዝቅታ ከጠፋ ብሬክአውቱ ከሽፏል። ደብል ቦተሙ ከዚያ በኋላ ሊተርፍ ይችላል፤ ያ ግን ሌላ ንግድ፣ ሌላ ሎት ነው።

አንባቢ «ዋጋው 1.0920 ቢመታስ?» ሊለኝ ይችላል። ቢመታ ደስ ይለኛል፤ የገቡት ልጆች የራሳችን ልጆች ናቸው። ግን ከላይ የጻፍኩት አይለወጥም። በዕድል ብቻ 61 በመቶ የሚሆን ነገር መሆኑ የምክሩን ጥራት አያረጋግጥም። ወርዶ 1.0770 ቢነካም «አላልኳችሁም ነበር?» አልልም፤ ያም ምንም አያረጋግጥም።

ለጸሐፊው ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። አሥሩን ሲግናሎች በሠንጠረዥ ያውጡልን። ለእያንዳንዱ የወጣበት ቀን፣ መግቢያው፣ መጀመሪያ የተጻፈው ስቶፕ፣ ታርጌቱ እና ዋጋው መጀመሪያ የነካው የትኛውን እንደሆነ ይኑርበት። ከታተመ በኋላ የተነሣ ስቶፕ ካለ በመጀመሪያው ቁጥር ይቆጠር። ስምንቱ በዚያ መልክ ስምንት ሆነው ከቆሙ ይህንኑ ምላሽ አርሜ እንደገና አወጣዋለሁ።